ስክሪንሹት አንስቻለሁ፣ ፋይሉ ግን የትም የለም። እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ

የመሀል ሜዳ ልጅ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:40

ሰላም ለሁላችሁ። ለታናሽ ወንድሜ የስልጠና ማመልከቻ በኢንተርኔት እየሞላሁለት ነበር። ክፍያውን ጨረስኩ፣ መከፈሉን የሚያሳይ ገጽ መጣ፣ ረጅም ቁጥርም ሰጠኝ። ከቁጥሩ በላይ ገጹን በምስል እንድይዘውና በሚቀጥለው ደረጃ ላይ እንዳስገባው ይላል። እኔም ኪቦርዱ ላይ PrtSc የሚለውን ተጫንኩና ገጹን ዘጋሁት።

አሁን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደርሻለሁ። Choose File የሚለውን ስነካው ፎልደር ይከፍትልኛል፣ ምስሉ ግን የለም። Pictures ውስጥ የለም፣ Desktop ላይ የለም፣ Downloads ውስጥም የለም። የክፍያውን ገጽ ተመልሼ ልከፍተው ስል ጊዜው አልፏል ይላል። ኢሜይልም አልመጣልኝም።

ላፕቶፑ የተዋስኩት ነው፣ ዊንዶውስ 10። መብራት ከረፋድ ጀምሮ የለም፣ ባትሪው 41 ከመቶ ላይ ነው፣ ኢንተርኔቱን ከስልኬ ነው የሰጠሁት። ማመልከቻው ነገ ማታ ይዘጋል። ምስሉ ጠፍቷል ማለት ነው?

---

ጣርማ በር · 8:46

አይዞሽ፣ ቀላል ነው። PrtSc ብቻውን ሴቭ አያደርግም። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘሽ PrtSc ተጫኚ። ስክሪኑ ለአፍታ ጨለም ይልና Pictures ውስጥ Screenshots በሚል ፎልደር ይቀመጥልሻል። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

---

የመሀል ሜዳ ልጅ · 8:48

ወንድሜ አመሰግናለሁ፣ ግን ገጹ እኮ ተዘግቷል። አሁን ብጫነው የሚያነሳው ይሄን የምጽፍበትን ነገር አይደለም?

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 8:51

እህቴ አትጫኚው! ጣርማ በር ያለው ለሚቀጥለው ጊዜ ልክ ነው፣ ለዛሬው ግን ያጠፋብሻል። Win+PrtSc ፋይል ከማስቀመጡ ሌላ አዲሱን ምስል ክሊፕቦርድ ላይም ያሳርፈዋል። የድሮው ምስል ካለ በዚያው ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። PrtSc ብቻውን ስትጫኚ ዊንዶውስ 10 ስክሪኑን ፎቶ ያነሳና ክሊፕቦርድ ላይ ያስቀምጠዋል። ጽሑፍ ኮፒ ስታደርጊ የሚቀመጥበት ቦታ ማለት ነው። ፋይል አይደለም፣ ስም የለውም፣ ስለዚህ የትኛውም ፎልደር ውስጥ ብትፈልጊው አታገኚውም። ያለው ሜሞሪው ላይ ነው። ቦታው ደግሞ የአንድ ነገር ብቻ ነው፣ አዲስ ሲገባ የድሮው ይወጣል።

ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ፦ ምንም ነገር ኮፒ እንዳታደርጊ፣ አንዲት ቃልም ብትሆን። Ctrl+C አይሆንም፣ Ctrl+X አይሆንም። ሁለተኛ PrtSc አይሆንም። ላፕቶፑን Restart ወይም Shut down እንዳትይው።

አሁን ሁለት ነገር ንገሪኝ። ከ PrtSc በኋላ ኮፒ ያደረግሽው ነገር አለ? ላፕቶፑስ አንዴም ጠፍቶ በርቷል?

---

የመሀል ሜዳ ልጅ · 8:55

አልጠፋም። ኮፒ ማድረጉን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ያደረግኩ አይመስለኝም። ይሄንንም እየጻፍኩ ያለሁት በእጄ ነው። ብራውዘሩን ግን ዘግቼ ከፍቻለሁ፣ እሱ ያጠፋዋል?

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 8:56

ብራውዘሩ ችግር የለውም። ምስሉን የያዘው ዊንዶውሱ ነው። ገጹም ቢዘጋ፣ ብራውዘሩም ቢዘጋ የተነሳው ምስል እንዳለ ነው።

---

እትዬ ከአለም ከተማ · 8:57

ልጄ፣ ስልክሽ ላይ ከሆነ ጋለሪ ውስጥ ገብተሽ Screenshots የሚለውን አልበም እዪ። እኔ የልጄ ልጅ እንዲህ ብላ አሳየችኝ፣ ሁሉም እዚያ ተሰብስቦ አገኘሁት። ድምጽ መቀነሻውንና ማጥፊያውን አንድ ላይ ነው የምጫነው።

---

የመሀል ሜዳ ልጅ · 8:58

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን የኔ ላፕቶፕ ላይ ነው። ስልክ ላይ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይገኝ ነበር።

---

ጣርማ በር · 9:00

እንግዲያው ፔስት አድርጊው። Desktop ላይ ባዶ ቦታ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ Paste።

---

የመሀል ሜዳ ልጅ · 9:02

Paste የሚለው ደብዝዟል፣ አይነካም። Notepad ከፍቼ Ctrl+V አልኩ፣ ምንም አልመጣም። ኧረ ጠፍቷል በቃ 😢

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 9:04

አልጠፋም፣ ተረጋጊ። እንዲያውም ጥሩ ምልክት ነው። Notepad ጽሑፍ እንጂ ምስል አይቀበልም። ክሊፕቦርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ Notepad ላይ ይወጣ ነበር። ምንም ካልወጣ ወይ ባዶ ነው ወይ ምስል ነው።

ፎልደሩም እንደዚሁ ነው። ፎልደር ውስጥ ፔስት የሚደረገው ከሌላ ፎልደር ኮፒ የተደረገ ፋይል ነው። ያንቺ ገና ፋይል ስላልሆነ ዊንዶውሱ Paste የሚለውን ያደበዝዘዋል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ጠፋ ብሎ ተስፋ ቆርጦ ያጠፋዋል። እኔ ሱቅ በሳምንት ሁለት ሶስቴ ይሄ ጉዳይ ይመጣል።

ምስሉን ምስል የሚቀበል ቦታ መለጠፍ አለብሽ። Paint ይሻላል፣ ቀላል ነው፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። Win+R ተጫኚ፣ ትንሿ መስኮት ትመጣለች፣ እዚያ ላይ ይሄን በእጅሽ ጻፊና Enter በዪ፦

```
mspaint
```

Paint ሲከፈት ምንም ሳትነኪ Ctrl+V። ምን እንዳየሽ ንገሪኝ።

---

የማሾ ነጋዴ፣ ሸዋሮቢት · 9:07

ይቅርታ በመሀል ስለገባሁ። እኔም ያው ነገር ደርሶብኛል። ባለፈው ሳምንት ለማሾ ገንዘብ በኮምፒውተር አስተላለፍኩ፣ ደረሰኙን PrtSc አልኩት። ከዚያ ለገበሬው ልልክለት ስል የሂሳብ ቁጥሩን መጀመሪያ ኮፒ አድርጌ ከስሙ ጋር ጻፍኩለት። ቀጥዬ ምስሉን ልለጥፍ Ctrl+V ስል የወጣው ያው የሂሳብ ቁጥር ነው። ምስሉን ከየት ላምጣው? መመለሻ አለው?

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 9:09

ጋሼ፣ የእርስዎ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ይቺ ልጅ ባትሪዋ ሳያልቅ ትጨርስ።

---

የመሀል ሜዳ ልጅ · 9:10

መጣ!!! እልልልል መጣ! 😭 ገጹ ነው፣ ቁጥሩ አለ! ግን ግማሹ ብቻ ነው የመጣው። ከላይና ከግራ በኩል ያለው ይታያል፣ ቀኝና ታች ተቆርጧል። ግማሹ ጠፍቶ ነው?

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 9:13

እሰይ! አልተቆረጠም። ቁጭ ብለሽ አስቢው፣ ምስሉ የሙሉ ስክሪን ስፋት አለው። Paint ደግሞ ከላይ የመሳሪያ ረድፍ፣ ከታች ሌላ መስመር አለው፣ ስለዚህ የስክሪን ያህል ምስል በእሱ ውስጥ ሁሉም አይታይም። ከታች ባለው መስመር ላይ በpx የተጻፈ ልክ አለ፣ ምን ይላል?

---

የመሀል ሜዳ ልጅ · 9:14

1366 × 768px ይላል።

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 9:16

ሙሉ ነው። የብዙ ላፕቶፕ ስክሪን ልኩ ይሄው ነው። Ctrl ይዘሽ የማውሱን ጎማ ወደ ኋላ አሽከርክሪው፣ ያንስልሽና ሁሉንም ታዪዋለሽ።

ማሳነሱ ግን ይቆይ፣ መጀመሪያ ሴቭ አድርጊ። አሁንም ያለው Paint ውስጥ እንጂ ዲስኩ ላይ አይደለም። ባትሪው ቢያልቅ ይሄዳል። Ctrl+S፣ ቦታውን Desktop፣ ስሙን ለምሳሌ kifya በዪው፣ Save። ከዚያ በኋላ ነው ፋይል ሆነ የሚባለው።

---

የመሀል ሜዳ ልጅ · 9:18

ሴቭ ሆኗል። Desktop ላይ kifya.png ይላል። እግዚአብሔር ያክብርልኝ ወንድሜ። ባትሪው 33 ሆኗል።

---

በርኖስ ለባሹ · 9:20

እኔ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የኔ ላፕቶፕ ላይ PrtSc ስጫን ስክሪኑ ይደበዝዝና መምረጫ ይመጣል፣ ከመረጥኩ በኋላ ደግሞ ራሱ Pictures ውስጥ Screenshots ፎልደር ላይ ያስቀምጠዋል። ፔስት ምናምን አያስፈልገኝም። ስለዚህ "PrtSc ሴቭ አያደርግም" የሚባለው ትክክል አይደለም።

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 9:23

ያንተ ዊንዶውስ 11 ነው አይደል? እዚያ ላይ ነገሩ ተቀይሯል። በአዲሶቹ ላይ PrtSc የሚከፍተው Snipping Tool ነው፣ እሱም ኮፒ ከማድረጉ ሌላ ራሱ ፋይል ያስቀምጣል። ማስቀመጡን ከፕሮግራሙ ሴቲንግ ውስጥ ማጥፋት ይቻላል፣ ስለዚህ በዊንዶውስ 11ም ቢሆን ፎልደሩን ከፍቶ ማየት ነው። የሷ ዊንዶውስ 10 ነው። እዚያ ላይ PrtSc ክሊፕቦርድ ላይ ብቻ ነው የሚያሳርፈው። Win+Shift+S ብትል እንኳ በቀኝ ጥግ ማሳወቂያ ይመጣል፣ እሱን ነክተህ ሴቭ ካላደረግህ ፋይል የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። OneDrive ያለበት ኮምፒውተር ላይ ስክሪንሹቶችን ወደ OneDrive አስቀምጥ የሚለው ተመርጦ ከሆነ PrtSc ብቻውን ተጭነህም ፋይል ይቀመጣል። ስለዚህ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ "የኔ እንዲህ ነው" ማለት አይሠራም።

---

በርኖስ ለባሹ · 9:25

አዎ 11 ነው። ገባኝ።

---

የመሀል ሜዳ ልጅ · 9:27

ሌላ ችግር። ላስገባው ስል አይቀበልም። JPG ብቻ ነው የምቀበለው ይላል።

---

ጣርማ በር · 9:28

ይሄ ቀላል ነው፣ ስሙን ቀይሪው። ራይት ክሊክ፣ Rename፣ መጨረሻ ላይ png የሚለውን jpg አድርጊው።

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 9:31

ጣርማ በር፣ አንዳንድ ቦታ ያልፋል፣ ግን ስሙ ነው የሚቀየረው እንጂ ውስጡ ያው PNG ነው። ውስጡን የሚያየው ዌብሳይት ይመልሰዋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ተቀብሎ ኋላ የሚያየው ሰው ጋ አልከፈት ቢል ነው፤ ልጅቷ አታውቅም፣ ማመልከቻው ወድቆ ይቀራል።

እህቴ፣ Paint ገና ክፍት ነው አይደል? F12 ተጫኚ፣ Save as type ከሚለው JPEG ምረጪ፣ ስሙን kifya2 በዪና ሴቭ አድርጊ። PNGውን አታጥፊው። JPG ሲሆን ፊደሎቹ ዙሪያ ትንሽ ይበላሻል፣ ንጹሑ በእጅሽ ይቆይ። ከማስገባትሽ በፊት kifya2ን ከፍተሽ ቁጥሩን አንድ በአንድ አንብቢው። 8 እና 6 ተለይተው ከታዩ ጥሩ ነው።

---

አንኮበር ተማሪ · 9:33

ከማስገባትሽ በፊት ደግሞ ቁረጪው፣ ከላይ የብራውዘሩ ታብ ከታች ታስክባሩ ይታያል፣ አያምርም። Select ብለሽ ክፍያውን ብቻ ከበሽ Crop።

---

የመሀል ሜዳ ልጅ · 9:37

ቁጥሩን ከፍቼ አነበብኩት፣ ግልጽ ነው። ግን አሁን በደንብ ሳየው የተከፈለበት ቀን ምስሉ ላይ የለም። ለካ ገጹን ወደ ታች ሳላወርደው ነው PrtSc ያልኩት። ስሙ አለ፣ የገንዘቡ መጠን አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ቀኑ ግን ከስክሪኑ በታች ቀርቷል። መመሪያው ላይ ደግሞ ቀኑ የሚታይ መሆን አለበት ይላል። ይሄስ ይመለሳል?

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 9:41

ያ አይመለስም። PrtSc የሚያነሳው በዚያች ሰከንድ ስክሪኑ ላይ የነበረውን ብቻ ነው። ከታች የነበረው ስላልታየ አልተነሳም፣ የትም አልተቀመጠም።

ግን ቆይ፣ እንዳትቆርጪው! አንኮበር ተማሪ የሚለውን ዛሬ አትስሚው። ምስሉን ከታች በቀኝ ጥግ እዪው። ሙሉ ስክሪን ስለተነሳ የላፕቶፑ ሰዓት አብሮ ተነስቷል። እዚያ ሰዓቱና ቀኑ ይታያል?

---

የመሀል ሜዳ ልጅ · 9:43

ወይኔ! አዎ! ሰዓቱም ቀኑም አለ። በፈረንጅ ነው ግን። ሰዓቱም 2:21 ይላል፣ ከቀኑ 8:21 ማለት ነው፣ ልክ የከፈልኩበት ነው።

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 9:45

በቃ ሳትቆርጪ እንዳለ አስገቢው። ከታች ማስታወሻ መጻፊያ ካለው ቀኑ በስክሪኑ ጥግ ላይ እንደሚታይ አንድ መስመር ጻፊ። ይቀበሉታል ብዬ ግን ቃል አልገባም። የላፕቶፕ ሰዓት ማንም ሊቀይረው የሚችል ነገር ስለሆነ ዋናው ማስረጃቸው ቁጥሩ ነው። በቁጥሩ ከፈለጉ ቀኑን እነሱ ጋ ያገኙታል።

---

አንኮበር ተማሪ · 9:46

ይቅርታ፣ ሰዓቱን አላሰብኩትም ነበር።

---

የደብረ ሲና መምህርት · 9:52

እኔ ለዚህ ዎርድ ነው የምጠቀመው። ባዶ ገጽ እከፍታለሁ፣ Ctrl+V፣ አለቀ። ለምን Paint?

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 9:56

እትዬ መምህርት፣ ምስሉን ከመጥፋት ለማዳን ዎርድም ጥሩ ነው፣ ቅርብ ያለው ዎርድ ከሆነ እዚያው ይለጥፉት። ሴቭ ሲደረግ ግን የሚወጣው የዎርድ ሰነድ እንጂ ምስል አይደለም። ምስል የሚጠይቅ ቦታ አይገባም። ዎርድ ውስጥ ምስሉ ላይ ራይት ክሊክ ብለው Save as Picture ማለት ይቻላል፣ ነገር ግን ዎርድ ምስሉን ወደ ገጹ ስፋት ያጠበዋል፣ ሴቭ ሲያደርግም ሊያሳንሰው ይችላል። ጥቃቅን ቁጥር ላለበት ደረሰኝ Paint ይመረጣል።

ቴሌግራምም ያው ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም ውስጥ Saved Messages ላይ Ctrl+V ማለት ይቻላል። ግን ሊልከው ሲል ምስሉን ልጨምቀው ወይ ብሎ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ያሳያል። ምልክቱን ካላነሱት ይጨመቃል። ሰው እንዲያየው ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፣ ለማስረጃ ከሆነ ግን ምልክቱን አንስቶ እንደ ፋይል መላክ ነው።

---

የመሀል ሜዳ ልጅ · 10:04

አስገባሁት። ተቀብሏል። "በመታየት ላይ" ይላል። ማስታወሻውንም ጻፍኩ። ባትሪው 22 ላይ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የደብረ ብርሃኑ ወንድሜን። ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፣ ቀለሙ እየተለዋወጠ።

---

የማሾ ነጋዴ፣ ሸዋሮቢት · 10:06

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። አሁን የኔን እንይ?

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 10:12

ጋሼ፣ እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎ። የሂሳብ ቁጥሩን ኮፒ ባደረጉ ጊዜ ምስሉ ከቦታው ወጥቷል። አንድ ተስፋ አለ፣ Win+V ይጫኑ። ከዚህ በፊት በርቶ ከሆነ ኮፒ ያደረጓቸውን ነገሮች በዝርዝር ያሳይዎታል፣ ምስሉም በትንሹ ይታያል። ነክተው መለጠፍ ይችላሉ። ይሄ ነገር ከ2018 ወዲህ ባሉት ዊንዶውስ 10ዎች ላይ አለ።

---

የማሾ ነጋዴ፣ ሸዋሮቢት · 10:15

ተጫንኩት። Turn on የሚል መጣ። አበራሁት። ባዶ ነው።

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 10:19

እንደፈራሁት ነው። መያዝ የሚጀምረው ከበራ በኋላ ነው፣ ያለፈውን አያመጣም። ደግሞም የእርስዎ ሳምንት አልፎታል፣ በመሀል ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በርቷል። በርቶ ቢሆን እንኳ ሲጠፋ ዝርዝሩ አብሮ ይጸዳል፣ በPin የተያዘው ብቻ ነው የሚቀረው። የእርስዎን ደረሰኝ ከባንኩ የሂሳብ ዝርዝር ላይ እንደገና ማውጣት ነው የሚሻለው።

---

በርኖስ ለባሹ · 10:22

Win+V የሚይዘው እስከ 25 ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የቆየው ይወጣል።

---

የማሾ ነጋዴ፣ ሸዋሮቢት · 10:25

አሁን ከበራ በኋላ ሞከርኩት። PrtSc ብዬ ቀጥዬ ጽሑፍ ኮፒ አደረግኩ፣ Win+V ስል ሁለቱም አሉ። ይሄን ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ። ከገበሬው ጋር ሁለት ቀን ነው የተጨቃጨቅነው፣ አልላክህልኝም ብሎኝ። ሰውየው ደግሞ ሰባት ዓመት አብሮኝ የሠራ ነው። ደረሰኙ ቢኖረኝ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነበር።

የልጄ ትልቁ ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ላይ ግን አንዳንዱ ምስል Win+V ውስጥ አይገባም። ለምንድነው?

---

በርኖስ ለባሹ · 10:28

ከ4 ሜጋባይት በላይ የሆነ ነገር አይይዝም። የትልቅ ስክሪን ምስል ሊያልፈው ይችላል።

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 10:33

ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩን ሳላየው እሱ ነው ማለት ግን አልችልም፣ አንድ ቀን ሲያልፉ ይዘውልኝ ይምጡ። ለማንኛውም በWin+V ላይ ብቻ አይተማመኑ። ገንዘብ ሲያስተላልፉ ደረሰኙን Ctrl+P ብለው Save as PDF ያድርጉት። ከስክሪኑ በታች ያለው ጭምር ሙሉ ገጹ ይወጣል፣ ያኔውኑ ፋይል ነው። እህታችንንም ቀኑ የቀረባት PrtSc ስለሆነ ነው።

---

የመሀል ሜዳ ልጅ · 10:40

ይሄን ጽፌ ያዝኩት። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ላፕቶፑን ማታ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ምስሉ ክሊፕቦርዱ ላይ አሁንም አለ ማለት ነው? ስማችንና የሂሳብ ቁጥራችን እኮ አለበት።

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 10:44

አለ። የሚቀጥለው ሰው Paint ከፍቶ Ctrl+V ቢል ይወጣለታል። ኢንተርኔት ቤት የምትጠቀሙ ሁሉ ይሄን ልብ በሉ። ደረሰኝ አንስተው፣ ልከው፣ ተነስተው ይሄዳሉ፣ ምስሉ ግን እዚያው ይቀራል።

አንድ የማይጠቅም ቃል ኮፒ አድርጊ፣ ምስሉን ይተካዋል። ከዚያ Win+V ብለሽ እዪ፣ እዚያ ከበራ Clear all በዪ። Desktop ላይ ያሉትን ሁለቱን kifyaዎች ወደ ስልክሽ ወይ ፍላሽ ካሻገርሽ በኋላ Shift+Delete። ከዚያ ላፕቶፑን አጥፊው፣ አሁን ማጥፋት ይቻላል።

---

የመሀል ሜዳ ልጅ · 10:58

ሁሉንም አድርጌያለሁ። ወደ ስልኬ ተሻግሯል፣ ከስልኬም ከፍቼ አየሁት። Paint ላይ Ctrl+V ስል ምንም አልመጣም፣ Notepad ላይ ግን ኮፒ ያደረግኳት ቃል ወጣች። ማመልከቻው አሁንም "በመታየት ላይ" ነው የሚለው። ስለ ቀኑ መልስ ሲሰጡኝ እዚሁ እጽፋለሁ።

---

ጣርማ በር · 11:20

እኔም ዛሬ የተማርኩት አለ። jpgውን በስም ብቻ ስቀይር ዓመት ሆኖኛል። ወንድሜ፣ ከዚህ በፊት እንደዛ አድርጌ ያስገባሁት ማመልከቻ ነበር፣ መልስ አልመጣልኝም። እሱ ይሆን እንዴ?

---

ደብረ ብርሃን ጥገና · 11:31

ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም። ፋይሉ ካለህ ላክልኝ፣ ከፍቼ እነግርሃለሁ።